የልጆች አኒሜሽን ተከታታይ ባይብል አዘገጃጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልጆች አኒሜሽን ተከታታይ ስክሪፕት መጻፍ ከመጀመሩ በፊት የሚዘጋጀውን ዋና ሰነድ የሙያው ሰዎች ባይብል ይሉታል። ገጸ ባሕርያቱ፣ ቦታዎቹ፣ ቃናውና የእያንዳንዱ ክፍል አወቃቀር የሚሰፍሩበት ነው። መልሶቹ ከመሬት እንዳይርቁ ለዚህ ጽሑፍ አንድ ተከታታይ ፈጥሬያለሁ፤ ስሙ «የወደቀ ዕቃ» ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ ሲሆን ተመልካቾቹ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ከዚህ በኋላ የማነሳው ምሳሌ ሁሉ ከእርሱ የተወሰደ ነው።

ባይብል የሚጻፈው ለማን ነው?

እናንተን አግኝቶ ለማያውቅ ደራሲ ነው። ይህ ሰው ሰነዱን አንብቦ፣ ስልክ ሳይደውልላችሁ፣ የተከታታዩን ዘጠነኛ ክፍል መጻፍ መቻል አለበት። ሠዓሊውም፣ ድምፅ የሚሰጡት ተዋንያንም፣ ሙዚቃ የሚሠራውም ሰው እንዲሁ።

ለጣቢያ ወይም ለገንዘብ ሰጪ የሚቀርበው ሰነድ ሌላ ነው። እርሱ አጭር ነው፤ ሥዕል ይበዛበታል፤ ዓላማውም ማጓጓት ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ይህንን የማቅረቢያ ሰነድ ለደራስያን ሰጥቶ «በዚህ ጻፉ» ማለት ነው። «ደብሪቱ ደስተኛና ጠያቂ ልጅ ናት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገንዘብ ሰጪን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ደራሲን ግን አንድ እርምጃ አያራምድም። በዓለም ላይ ያለ የልጆች ገጸ ባሕርይ ሁሉ ደስተኛና ጠያቂ ነው። የሥራው ባይብል ውሳኔዎች የተጻፉበት ሰነድ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በስክሪፕት ውስጥ አንድ ነገር የማይፈቅድ ወይም የማይከለክል ከሆነ መውጣት ይችላል።

ከምን ልጀምር? ከገጸ ባሕርያቱ ወይስ ከቦታው?

ከዕድሜና ከደቂቃ ጀምሩ። እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ የሚጻፍ ሁሉ በኋላ ይፈርሳል። በብዙ አገሮች የቴሌቪዥን ልማድ የግማሽ ሰዓት ቦታ ሁለት የ11 ደቂቃ ክፍሎችን ስለሚይዝ 11 ደቂቃ የተለመደ መለኪያ ሆኗል። ለትንንሾቹ 7 ደቂቃም ይሠራል። «የወደቀ ዕቃ» 11 ደቂቃ ነው፤ የመክፈቻው መዝሙርና መዝጊያው አንድ ደቂቃ ይወስዳሉና ለታሪኩ የሚቀረው 10 ነው።

ዕድሜው ደግሞ የታሪኩን ቅርጽ ይወስናል። የ4 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ታሪክ መከተል ይከብደዋል። ወደ ኋላ የሚመለስ ትዕይንት ግራ ያጋባዋል፤ ምጸትን ደግሞ እንደ ቁም ነገር ይወስደዋል። ስለዚህ በባይብላችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ነገሮች ተጽፈዋል። አንድ ታሪክ ብቻ፣ ከጠዋት ወደ ማታ በቀጥታ የሚሄድ፣ ማንም ከልቡ ያልሆነ ነገር የማይናገርበት። የ8 ዓመት ልጆች ተከታታይ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ይቀየሩ ነበር።

ስንት ዋና ገጸ ባሕርያት ያስፈልጋሉ? ስለ እያንዳንዳቸውስ ምን ልጻፍ?

ሦስት ልጆችና አንድ አዋቂ ለ11 ደቂቃ በቂ ናቸው። ከዚያ በላይ ከሆኑ አንዱ በየክፍሉ ዳር ቆሞ «አዎ! እንሂድ!» ባይ ይሆናል።

የእኛዎቹ እነዚህ ናቸው። ደብሪቱ ጭላዳ ናት፣ ቀዮ የቀይ ቀበሮ ግልገል ነው፣ ድብቁ ፍልፈል ነው፤ እትዬ ቁሪት ደግሞ ምንቃረ ትልቅ የደጋ ቁራ ናቸው። አራቱም በጓሳ የሚኖሩ እንስሳት ናቸው። ጭላዳዎችና ቀይ ቀበሮዎች እዚያ በእውነት ተቀላቅለው ይውላሉ። ቀበሮው በመንጋው መካከል አይጥ እያደነ ሲዘዋወር ጭላዳዎቹ ሣራቸውን መጋጥ አያቋርጡም። የጓደኝነታችን መነሻ ይህ ነው።

ስለ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አራት ነገር እንጽፋለን፦ ምን ይፈልጋል፣ ያ ፍላጎት በምን ያሳስተዋል፣ ሲጨንቀው ምን ያደርጋል፣ ፈጽሞ የማያደርገው ምንድን ነው። የደብሪቱ ገጽ እንዲህ ይነበባል፦

«ደብሪቱ የመጀመሪያዋ መሆን ትፈልጋለች። ስለዚህ ሳትጠይቅ ትጀምራለች። ስትጨነቅ ሥራውን በማቆም ፈንታ ታፋጥነዋለች። ፈጽሞ አትዋሽም፤ ስታጠፋ ከሁሉ ቀድማ የምትናገረው እርሷው ናት፣ ምክንያቱም በዚያም የመጀመሪያ መሆን ትወዳለች።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ጉድለቷና መልካምነቷ ከአንድ ምንጭ ስለ ወጡ ደራሲው «እንድትወደድ» ሲል ሌላ ጠባይ መለጠፍ አያስፈልገውም። ቀዮ ደግሞ ደኅና መሆን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር ከሩቅ ያያል፣ ያሸታል፣ ያዳምጣል። ፍርሃቱ ያስቀረዋል፤ ያው ፍርሃት ግን ሌሎቹ ያላዩትን እንዲያይ ያደርገዋል። ድብቁ ሰላም ይፈልጋል። ጸብ ሲነሣ ጉድጓዱ ይገባና ይተኛል። እትዬ ቁሪት ሁሉን ያውቃሉ፤ ነገር ግን የሚያውቁት ሁሉ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥሩ መፈተኛ አለ። ስሞቹን አጥፉና አሥር የንግግር መስመሮችን ለባልደረባችሁ ስጡት። ማን ምን እንዳለ መለየት ካቃተው ገጸ ባሕርያቱ ገና አልተለያዩም። መፍትሔው አዲስ የአነጋገር ዘዬ መለጠፍ አይደለም። ወደ ፍላጎታቸው ተመልሳችሁ ሁለቱ አንድ ነገር እየፈለጉ እንደሆነ ተመልከቱ።

ገጸ ባሕርያቴ እንስሳት ናቸው። ማን ማንን ይበላል?

ይህን ጥያቄ ከልጆቹ በፊት እናንተ ጠይቁት። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ ቀዮ ከድብቁ ጋር ጓደኛ ነው ማለት ቀዮ ከምሳው ጋር ጓደኛ ነው ማለት ነው። ባይብሉ ዝም ካለ አንዱ ደራሲ በሦስተኛው ክፍል ስለዚህ ይቀልዳል፤ ሌላው በሰባተኛው ቀዮ አይጥ ሲያባርር ያሳያል፤ የ5 ዓመቷ ተመልካች ደግሞ ከዚያ በኋላ ድብቁ በታየ ቁጥር ትሳቀቃለች።

መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። አንዳንዶች ሥጋ በሎቹን ሁሉ ያስወጣሉ። አንዳንዶች እንስሳቱን ፈጽመው ሰው ያደርጓቸዋል፤ ልብስ ያለብሷቸዋል፣ እንጀራ ያበሏቸዋል። እኛ የመረጥነው ሌላ ነው፦ በዚህ ተከታታይ ማንም በካሜራ ፊት አይበላም፣ ስለ ረኃብም አይነገርም። ምግብ የታሪክ ምክንያት ሆኖ አያውቅም። ይህ ውሳኔ ዋጋ አለው፤ ድግስ፣ የምሳ ሰዓት፣ እንግዳ ማስተናገድ የመሳሰሉ ቀላል የታሪክ ሐሳቦችን ያሳጣናል። ዋጋው በባይብሉ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ደራሲ የበዓል ክፍል ይዞ ይመጣል።

ሰብዓዊነታቸውም እንዲሁ በልኩ ይወሰናል። የእኛዎቹ ይናገራሉ፣ ገመድ ይጎትታሉ፣ ስም ያወጣሉ። ልብስ አይለብሱም፣ እሳት አያነዱም፣ ገንዘብ አያውቁም፣ አያነቡም። ሰው በተከታታዩ ውስጥ ፊቱ አይታይም። የሚታየው በመንገዱ የሚያልፍ የበቅሎ እግርና ጭነት ብቻ ነው። ከዚያ ጭነት የሚወድቀው ዕቃ የየክፍሉ መነሻ ነው። እንስሳቱ ዕቃው ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ተመልካቹ ልጅ ግን ያውቃል። የ4 ዓመት ልጅ ከገጸ ባሕርያቱ ይበልጥ ሲያውቅ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ለቴሌቪዥኑ ይጮኽለታል።

ማን ማንን «አንተ»፣ ማን «እርስዎ» ይላል? ይህም በባይብሉ ይጻፋል?

በአማርኛ የምትሠሩ ከሆነ በግድ ይጻፋል። በሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ናሙና ላይ የተቀዱ ባይብሎች ይህ ገጽ የላቸውም፤ ስክሪፕቶቹም እርስ በርስ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ደራሲ ልጆቹን እትዬ ቁሪትን «አንቺ» ያሰኛቸዋል፤ ሌላው «እርስዎ»። ድምፅ ከተቀረጸ በኋላ ማረም ደግሞ ተዋንያኑን መልሶ መጥራት ነው፤ ምክንያቱም የሚቀየረው አንድ ቃል ሳይሆን በእያንዳንዱ ግስ ላይ ያለው መድረሻ ነው።

እኛ ባለ አራት ረድፍ ሰንጠረዥ አለን። ልጆቹ እርስ በርሳቸው «አንተ» እና «አንቺ» ይባባላሉ። እትዬ ቁሪትን ሁልጊዜ በማዕረጋቸው ይጠሯቸዋል፤ «እትዬ ቁሪት፣ ይህን ነገር አይተውታል?» ነው የሚሉት። በሌሉበትም «መጡ፣ ሄዱ» ይባላሉ። እርሳቸው ልጆቹን «ልጄ» ይላሉ፤ ሲቆጡ በስም ይጠራሉ። አንድ ልዩ ፈቃድ ብቻ አለ። ደብሪቱ በጣም ስትደነግጥ «አንቺ» ሊያመልጣት ይችላል፤ ወዲያው ታርማለች። ይህ በአንድ ምዕራፍ፣ ማለትም በአንድ ዙር ክፍሎች ውስጥ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ አይደገም ተብሎ ተጽፏል፤ ከተደጋገመ ቀልዱ ይሞታል።

ጾታም እንዲሁ ነው። «ወንድም ሴትም ያልሆነ ነገር» ብሎ ገጸ ባሕርይ መፍጠር በአማርኛ አስቸጋሪ ነው። ስለ ራሱ ሲናገር «ሄድኩ» ብሎ ማምለጥ ይችላል፤ ሌላው ስለ እርሱ ባወራ ቅጽበት ግን «ሄደ» ወይም «ሄደች» መባል አለበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወስኑ። የወደቁት ዕቃዎች ጾታ ግን ለገጸ ባሕርያቱ ተትቷል። ደብሪቱ የወደደችውን ዕቃ ሁሉ «እሷ» ትላለች፣ ቀዮ የፈራውን ሁሉ «እሱ» ይላል። ከአንድ ጀሪካን ላይ የሁለቱም ስሜት ይሰማል።

ስንት ቦታ ያስፈልገኛል?

ስድስት። መንገዱ፣ ሜዳው፣ የጭላዳዎቹ የገደል አፋፍ፣ የድብቁ ጉድጓድ ውስጡ፣ እትዬ ቁሪት የሚያርፉበት የጅብራ ተክል፣ ምንጩ። እያንዳንዱ ለጠዋት፣ ለከሰዓትና ለጉም አንድ አንድ ጊዜ ይሣላል፤ በድምሩ 18 የጀርባ ሥዕል። አንድ ክፍል ከእነዚህ ውስጥ ከአራት ቦታ በላይ አይጠቀምም። አዲስ ቦታ የሚፈቀደው በምዕራፉ መጨረሻ ክፍል ብቻ ነው።

ጉሙን የመረጥነው ደጋው ላይ ብዙ ስለሚታይም ርካሽ ስለሆነም ነው። በጉም ውስጥ የሚሣለው ጥቂት ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ጉም ውስጥ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ይወዳሉ።

ስለ እያንዳንዱ ቦታ ስንጽፍ መልኩን በአንድ መስመር እንጨርስና ወደ ጥቅሙ እንሄዳለን፦ እዚህ ምን ዓይነት ትዕይንት ይካሄዳል? መንገዱ ዕቃ የሚወድቅበት ነው። ጅብራው ምክር የሚጠየቅበት ነው፤ ምክሩም ሁልጊዜ ጠማማ ነው። ጉድጓዱ የሚኮረፍበት ነው። ይህ ሲታወቅ ልጆች ሥዕሉን ባዩ ጊዜ ምን እንደሚመጣ ይገምታሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በጀርባ ሥዕል ላይ ፊደል አትጻፉ። ተከታታዩ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወደ ትግርኛ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ቢመለስ እያንዳንዱ ጽሑፍ እንደገና መሣል አለበት።

ቃናን በጽሑፍ እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

በቅጽል አይቻልም። «አዝናኝ፣ ሞቅ ያለና አስተማሪ» ማለት ምንም አለማለት ነው። ሁለት ዓይነት ነገር ይሠራል።

አንዱ ናሙና ነው። የአንድ ደቂቃ ትዕይንት ሙሉ በሙሉ ጻፉና ባይብሉ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ያንኑ ትዕይንት በተሳሳተ ቃና ደግማችሁ ጻፉት። በእኛ ባይብል ውስጥ ደብሪቱ ጭቃ ላይ ወድቃ ሁሉም የሚስቁባት ስሪት «ይህ እኛ አይደለንም» ተብሎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ደብሪቱ ከጭቃው ራሷን ቀና አድርጋ «መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ!» የምትልበት አለ። ደራሲው ሁለቱን አንብቦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገባዋል። ሳቁ ከገጸ ባሕርይዋ ይመጣል፤ በገጸ ባሕርይዋ ላይ አይወርድም።

ሁለተኛው የወሰን ዝርዝር ነው። ለዚህ ዕድሜ ዋናው ወሰን ልጆች ያዩትን መድገማቸው ነው። ጭላዳዎች በእውነቱ ሌሊቱን ገደል ላይ ነው የሚያድሩት፤ እኛ ግን ማንም ገደል ሲዘልል አናሳይም፤ ደብሪቱ ወደ አፋፉ ትሄዳለች፣ ትዕይንቱ ይቆረጣል፣ ጠዋት ትመለሳለች። ከበቅሎው ጭነት ፈጽሞ የማይወድቁ ዕቃዎችም ተዘርዝረዋል፦ ክብሪት፣ መድኃኒት፣ ቢላዋ፣ ፌስታል። ገመድ ይወድቃል፤ አንገት ላይ ግን አይገባም። ማንም ሰው ጀሪካንም ሆነ ድስት ራሱ ላይ አይደፋም፤ ምንም ያህል ቢያስቅ።

ስለ ፍርሃትም አንድ መስመር አለን፦ ገጸ ባሕርይ አንድ ቦታ ተዘግቶበት ሊቆይ የሚችለው ድምፁ ከተሰማና እርሱ ራሱ ካልፈራ ብቻ ነው። የዚህን ጥቅም ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

የክፍል ቀመር ምንድን ነው? ሁሉንም ክፍል አንድ ዓይነት አያደርገውም?

አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ ትንንሽ ልጆችም የሚፈልጉት ያንኑ ነው። ቅርጹን አስቀድመው ስለሚያውቁ ትኩረታቸውን አዲሱ ነገር ላይ ያደርጋሉ። የሚሰለቸው ደራሲው ነው፤ እርሱንም ቢሆን ቀመሩ ከባዶ ገጽ ያድነዋል።

የእኛ 10 ደቂቃ እንዲህ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደቂቃ በቅሎው ያልፋል፣ ዕቃ ይወድቃል። እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ሦስቱም ዕቃው ምን እንደሆነ ይገምታሉ፤ እያንዳንዱ የሚገምተው የራሱን ፍላጎት ወይም ፍርሃት ነው። ከዚያ ደብሪቱ ሳትጠይቅ ሥራ ትጀምራለች፤ እስከ አምስተኛው ደቂቃ ነገሩ ይሠምራል፣ ከዚያ መበላሸት ይጀምራል። በስድስተኛው ወደ እትዬ ቁሪት ይሄዳሉ። በሰባተኛው ነገሩ ይብሳል። በስምንተኛው ከልጆቹ አንዱ ያገኘው መፍትሔ ይመጣል። በመጨረሻም ዕቃው መንገዱ ዳር ይመለሳል፤ የበቅሎው ኮቴ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሁለት ሕጎች አሉ። መፍትሔው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ከታየ ነገር መምጣት አለበት። እትዬ ቁሪት ችግሩን አይፈቱም።

አሁን አንድ ክፍል ልሥራላችሁ። ዕቃው ጃንጥላ ነው። ደብሪቱ አበባ ነው ትላለች። ድብቁ ጣሪያ መሆን አለበት ይላል። ቀዮ የተኛ የሌሊት ወፍ መስሎት ከሩቅ ሊያሸተው ሲጠጋ እግሩ መክፈቻውን ይነካውና «ቷ!» ብሎ ይከፈታል። ቀዮ ይሸሻል። ደብሪቱ ስትነካው ደግሞ ይዘጋል፣ እንደገና «ቷ!»። ቀዮ ከጓሳ ሣሩ ውስጥ ጆሮውን ብቻ አውጥቶ ያ ድምፅ ከየት ቦታ እንደሚወጣ ልቅም አድርጎ ያያል፤ እንደገና እንዳይነካው ነው።

ደብሪቱ ለድብቁ ጣሪያ ልትሠራለት ትወስናለች። ቤት ውስጥ መኖሩን ሳትጠይቅ የተከፈተውን ጃንጥላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትተክለዋለች፤ ቆልማማው እጀታ ወደ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ይመጣል፣ ጣሪያው ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ ነፋስ ይነሣል። ጃንጥላው ሊበር ይሞክራል፤ እጀታው ግን ከውስጥ ሥር ይዞታል። ይንቀጠቀጣል፣ አፈር ይረግፋል፣ የጉድጓዱ አፍ ይዘጋል። ድብቁ ውስጥ ነው። ድምፁ ይሰማል፤ ተኝቶ እያንኮራፋ ነው። ለፍርሃት የጻፍነው መስመር ጥቅሙ ይህ ነው፤ ተመልካቹ ልጅ ይጨነቃል፣ ግን አያለቅስም።

ደብሪቱ ትጎትታለች፤ ሲብስባት በፍጥነት ትጎትታለች። እትዬ ቁሪት ስለ 12 ዓይነት ነፋስ ያስረዳሉ። ቀዮ ግን ያውቃል። የሚያስፈራው ነገር ያለበትን ቦታ ከእርሱ በቀር ያየ የለም። ቀጭን እግሩን ከጨርቁ ሥር ያስገባል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይጫናል። «ቷ!» ጃንጥላው ይዘጋል፣ ነፋሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። ድብቁ ራሱን አውጥቶ «ምንድን ነው ይህ ጫጫታ?» ይላል።

ማንም «ከዚህ የምንማረው» አይልም። በባይብሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር የተከለከለ ነው። ጃንጥላ ይዞ መብረርም የለም፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሚመጣው ሐሳብ ያ ነው፤ የወሰን ዝርዝሩም የተጻፈው ይህን ለመከልከል ነው።

ቀመሩ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

ሃያ ክፍሎችን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከእያንዳንዱ ላይ የዕቃውን ስም ብታጠፉ ታሪኩ የማን ጉድለት ላይ እንደተመሠረተ መታወቅ አለበት። «መስታወት ያገኛሉ፤ ይደነቃሉ» የሚል ከሆነ ገና ክፍል አይደለም። «መስታወት ያገኛሉ፤ ደብሪቱ በመጨረሻ የምትቀድማት ልጅ አገኘች ብላ ከራሷ ጋር ትወዳደራለች» ክፍል ነው። ስምንተኛው ላይ ከቆማችሁ ችግሩ ከዕቃዎቹ አይደለም፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ታሪክ የማያመነጭ ጠባይ ይዟል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እጅግ የምትወዱት ነው።

ከሥዕሉ ወገን ምን መግባት አለበት?

እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ፤ ስድስት ያህል የፊት ስሜቶች፤ ሁሉም ተሰልፈው የቁመታቸው ንጽጽር፤ የቀለሞቹ ትክክለኛ ቁጥር። ጥላቸው ብቻ ቢታይ መለየት አለባቸው። እኛ እዚህ ዕድለኞች ነን፤ የጭላዳ መቀመጥ፣ የቀበሮ ጆሮ፣ የቁራ ምንቃር፣ የፍልፈል ክብነት አይምታቱም።

የአፍ ቅርጾቹን ለአማርኛ ሥሩ። ለሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ብትጠቀሙ ከንፈሩ ከድምፁ ይለያያል። የእኛው ሰባት ነው፦ ለም፣ ብ፣ ፕና ጵ የተዘጋ፤ ለፍና ቭ ጥርስ ከንፈር ላይ፤ ለኡ፣ ለኦና ለእነ ኳና ጓ የሾለ፤ ለኢና ለኤ የተለጠጠ፤ ለኣ የተከፈተ፤ ለኧና ለእ መካከለኛ፤ ለል ምላስ የሚታይበት። እትዬ ቁሪት ምንቃር ስላላቸው ሦስት ይበቃቸዋል። ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሯን ወደ አፍንጫዋ መገልበጥ ትችላለች፤ ይህ ለደብሪቱ የድንጋጤ ፊት ነው እንጂ ለንግግር አይውልም።

ስንት ገጽ ይሁን?

ለ13 ክፍሎች ከ30 እስከ 40 ገጽ፣ ሥዕሉን ጨምሮ። ከዚያ ከረዘመ የሚያነበው የለም።

ሐሳቤን ቢሰርቁብኝስ?

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውንና የተሣለውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። «እንስሳት የወደቀ ዕቃ ያገኛሉ» የሚለው ሐሳብ የማንም ነው፤ የደብሪቱ ሥዕልና የተጻፈው ገጿ ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ዝርዝር በያዘ ቁጥር ይበልጥ ትጠበቃላችሁ። አብሯችሁ ሠዓሊ ካለ የሥዕሉ መብት የማን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ጓደኛ ቢሆንም፣ ይልቁንም ጓደኛ ከሆነ።

ከተጠናቀቀ በኋላ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፣ መቀየርም አለበት፤ የመቀየር ሥልጣን ያለው ግን አንድ ሰው ይሁን። ብዙ ጊዜ ዋና ደራሲው ነው። እያንዳንዱ እትም ቀን ይጻፍበት፤ የተለወጠው ነገርና ምክንያቱ በመጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይስፈር። ድምፅ ሲቀረጽ የሚመጡ ለውጦች በተለይ ጠቃሚ ናቸው፤ ድብቁን የምትጫወተው ተዋናይት ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት ማዛጋት ብትጀምርና ቢያምር፣ ያ ማዛጋት በማግስቱ ባይብሉ ውስጥ ገብቶ ለሁሉም ደራስያን መላክ አለበት። የተሰራጨውን ክፍል የሚቃረን ለውጥ ግን አይደረግም፤ ልጆች አንዱን ክፍል ደጋግመው ስለሚያዩ ከእናንተ ይልቅ ያስታውሱታል።